የማይሸጥ መሬት ስንት ያወጣል? የ1960ው የጎጃም ግብርና የግምት ጣጣ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ስለ ንብረት ታክስ የሚደረገውን ክርክር እየተከታተልኩ ነው። አንዱ ወገን «ሀብት ያለው በሀብቱ ልክ ይክፈል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ግድግዳ አይበላም፤ ግብር ከገባው ገንዘብ ላይ ይወሰድ እንጂ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ክርክር ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ደም ያፋሰሰ ክርክር ነው። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ልዩነቱን ላስቀምጥ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር በላም ነበር የማስረዳው፤ የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ ይሆናል። የሀብት ግብር ላሚቱን መቅረጥ ነው፤ የገቢ ግብር ወተቷን መቅረጥ ነው። ላሚቱ የነጠፈች ዓመት የሀብት ግብር አይምርም፤ ባለቤቷ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ይከፍላል፣ ካጣም ላሚቱን ይሸጣል። የገቢ ግብር ግን ወተት ከሌለ የለም። በሌላ በኩል ሃምሳ ከብት በረት አጉሮ «ዘንድሮ አልታለቡም» የሚል ባለጸጋ ከገቢ ግብር ያመልጣል፤ ከሀብት ግብር አያመልጥም።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ላም ገበያ አላት። የቅዳሜ ገበያ ሄዶ የመሰሏን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። ታዲያ ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሀብትስ? ዋጋውን ማን ይናገራል?

የጎጃም ርስት እንደዚያ ያለ ሀብት ነበር። ርስት ማለት ዛሬ እንደምናስበው ካርታ ያለው የአንድ ሰው መሬት አልነበረም። ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በእናቱም በአባቱም በኩል፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። በዳሞት ኖሮ ይህን ያጠናው አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በደንብ አስረድቶታል። አንድ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ዛሬ በእጁ ነው፤ ነገ ሌላ ዘመድ «በአያቴ በኩል ይደርሰኛል» ብሎ ሊከሰው ይችላል። ሁሉም የዘር ሐረጉን እየቆጠረ ይሟገታል። መሬቱ ለባዕድ አይሸጥም። ስለዚህ «ይህ ማሳ ስንት ያወጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ገበያ አልነበረም።

መንግሥት ታዲያ ከእንደዚህ ዓይነት አገር እንዴት ግብር ይሰበስብ ነበር? የታወቀው መንገድ አስራት ነው። ምኒልክ በ1880ዎቹ አስራትን የደነገጉት ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየገባ መብላቱን እንዲያቆም ነው። ከአስር አንድ ይሰጣል፣ ወታደሩ ከዚያ ይቀለባል። አስራት ከወተቱ የሚወሰድ ነውና የገቢ ግብር ነው። ግን ምርቱ ተወቅቶ አይሰፈርም ነበር። ገማቹ ሰብሉ ከመታጨዱ በፊት መጥቶ ማሳውን በዓይኑ ይለካል፤ «ይህ አስራ አራት ዳውላ ይወጣዋል» ካለ አለቀ። አውድማው ላይ አስር ዳውላ ብቻ ቢገኝ ገበሬው የሚከፍለው የአስራ አራቱን ነው። ገማቹ ከዘገየ ደግሞ ያልተገመተ ሰብል አይነሳምና እህሉ ማሳ ላይ እየረገፈ ይጠበቃል። ገማቹን ጋብዞ ማብላትና እጁን ማራስ የመጣው ከዚህ ነው።

ከጣሊያን መባረር በኋላ መንግሥት ይህን ለማስተካከል ወደ ላሚቱ፣ ማለትም ወደ ሀብቱ ዞረ። በ1934 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት በሦስት ተመደበ፤ ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ። ለአንድ ጋሻ፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር ገደማ፣ ለለሙ 15፣ ለመካከለኛው 10፣ ለጠፉ 5 ብር። ሐሳቡ ብልህ ነው። ዋጋውን ማወቅ ካልተቻለ ደረጃውን እንመድብ፣ ደረጃው አንዴ ከተመደበ ገማች በየዓመቱ አይመጣም። ችግሩ ግን ቁጥሩ ላይ ይታያል። ለም መሬቱን «ጠፍ» ያስባለ ሰው ከግብሩ ሁለት ሦስተኛውን አስቀረ ማለት ነው። ይህን ማስባል የሚችለው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስንት የባለሥልጣን ጥቁር አፈር መዝገብ ላይ ጠፍ ሆኖ ኖረ!

በ1937 አስራትም በተቆረጠ ገንዘብ እንዲከፈል ታዘዘ። በደቡብ ብዙ ባለመሬቶች ለመንግሥት የተቆረጠውን ጥቂት ብር እየከፈሉ፣ ከጭሰኛው ግን አስራቱን በእህል መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ልዩነቱ ኪሳቸው ገባ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከዚህ አዲስ ሥርዓት ወጡ። መሬታቸው በቀላድ ተለክቶ ስለማያውቅ፣ ገበሬውም እምቢ ስላለ፣ ከወረራው በፊት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተተዉ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ነበር። አስራትን ሰረዘ፤ ግብሩ ከገቢ ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል፣ ወጪ እንዲቀነስ፣ ብዙ ያገኘ በርከት አድርጎ እንዲከፍል አደረገ። ባለመሬቶች የሞሉበት ፓርላማ ረቂቁን ቢያዳክመውም ሐሳቡ ቆመ፤ ከላሚቱ ወደ ወተቷ እንመለስ፣ በፍትሕ።

ግን ገበሬው የሂሳብ መዝገብ የለውም። ገቢው እንዴት ይታወቅ? በግምት፣ በአጥቢያ ኮሚቴ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው።

አንድ ገበሬ አራት ቁርጥራጭ ማሳ አለው እንበል። ዘንድሮ አስር ዳውላ ጤፍ አገኘ፤ አብዛኛውን ቤተሰቡ ይበላዋል። ያልተሸጠ እህል ስንት ብር ነው? ጥር ላይ፣ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ፣ ዳውላው 20 ብር ነው፤ ስለዚህ 200 ብር። ለዘርና ለበሬ ኪራይ 50 ብር ሲቀነስ ገቢው 150 ይሆናል። ሌላ ገማች ደግሞ የሐምሌን ዋጋ፣ 30 ብር፣ ይወስዳል። ምርቱንም በዓይኑ አይቶ አስራ ሁለት ዳውላ ይላል። 360 ሆነ፤ 50 ሲቀነስ 310። ሁለቱም ገማቾች ሐቀኛ ናቸው፣ ጉቦም አልበሉም። ግን የአንዱ ግምት ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል።

በዚያው ሰው ላይ የሀብት ግብር እንጣል ብንልስ? ማሳው ስለማይሸጥ ዋጋውን የምናገኘው ከገቢው ተነስተን ነው። «መሬት የአስር ዓመት ገቢውን ያወጣል» ያለ ሰው 150ን በአስር አባዝቶ 1,500 ብር ይላል። «የሃያ ዓመት ነው» ያለው ደግሞ 310ን በሃያ አባዝቶ 6,200 ይላል። በእጥፍ የነበረው ልዩነት ከአራት እጥፍ አለፈ። ያውም ከዚያ ገቢ ብዙው የመሬቱ ሳይሆን የገበሬው የራሱ ላብ መሆኑን ሳንቆጥር ነው።

አሁን ደግሞ ከሌላው አቅጣጫ እንየው። የገቢ ገማቹ አውድማ ላይ ቆሞ እህል አልሰፈረም። ታዲያ ምን ያያል? ማሳውን ይቆጥራል፣ ጥማዱን ይጠይቃል፣ በሬዎቹን ያያል፣ ከዚያ «ይህን ያህል ታገኛለህ» ይላል። ሀብትን ቆጥሮ ገቢ ብሎ መጻፍ ማለት እኮ ነው! ገበያም መዝገብም በሌለበት ሁለቱ ግብሮች በስም ይለያያሉ እንጂ የሚያርፉት አንዱ ላይ ነው፤ ማሳው ዳር ቆሞ በሚገምተው ሰው ዓይን ላይ።

የጎጃም ገበሬ ይህን ያለ ትምህርት ቤት ገብቶት ነበር። ደግሞም ከገንዘቡ ይበልጥ ያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። ገቢን ለመገመት ማን የትኛውን ማሳ እንደያዘ መጻፍ ያስፈልጋል። ማሳው በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ የሌሎቹ ዘመዶች የርስት መብት ምን ይሆናል? በደቡብ ቀላድ ከተጣለ በኋላ መሬቱ ተሸንሽኖ ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጥቶ፣ የቀድሞው ባለአገር ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ ወሬው ጎጃም ደርሷል። ስለዚህ «ገቢህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «መሬትህ የማን ነው?» ሆኖ ተሰማው።

በ1960 በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ሌላ ቅሬታም ተጨመረበት። መሣሪያ ተነሳ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ መንደሮችም ከአየር ተደበደቡ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። አገረ ገዢው ተነሱ፣ የዓመታት የግብር ውዝፍ ተሰረዘ፣ አዲሱ ግብርም ጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ።

አንዳንዶች ይህን «ገበሬው ግብር መክፈል ስለማይወድ ነው» ብለው ይዘጉታል። አልስማማም። ያ ገበሬ የለመደውን ግብር ይከፍል ነበር። የተቃወመው ግምቱን ነው፤ ማን እንደሚገምተውና የተጻፈው መዝገብ ነገ ለምን እንደሚውል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አለ። ዛሬ በብዙ ክልሎች አነስተኛው ገበሬ የሚከፍለው የእርሻ ገቢ ግብር የሚሰላው በይዞታው ስፋት ነው። ስሙ ገቢ፣ መለኪያው መሬት። ሰነፍነት አይመስለኝም፤ ስፋት ሁለት ሰዎች ለክተው የሚስማሙበት ነገር ነው፣ ገቢ ግን አይደለም። ዋጋውም አለው፦ ድርቅ የመታው ሄክታርና ያልተመታው እኩል ይከፍላሉ።

በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ጥያቄውን ከተማ አምጥቶታል። ቤት ይሸጣል፣ መሬቱ ግን አይሸጥም። ግቢያቸውን ከሠላሳ ዓመት በፊት ሠርተው በጡረታ የሚኖሩት እናት ቤታቸው ስንት ያወጣል? ጎረቤት የተሸጠው ቤት ዋጋ ውስጥ የቦታው ስንት፣ የግድግዳው ስንት ነው? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሀብትን መቅረጥ አልቃወምም። ግን ግምቱ የተሠራበት ስሌት ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ «ተበዛብኝ» የሚልበትም ገማቹ ራሱ የማይዳኝበት ቦታ ይኑር። መጠኑ ላይ ከመከራከራችን በፊት ይህ ይቅደም።

የጎጃም ልጆች፣ ስለ 1960ው ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ገማቾቹ ምን እየጠየቁ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ካለ በጣም እፈልገዋለሁ። መልካም ሰንበት።