የሎጂስቲክ ኩርባ ታሪክ፦ ከቤልጅግ ሕዝብ ቁጥር እስከ ተማሪው መዝገብ

ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ተማሪዎች ከአራት ዓመት በኋላ ሲቈጠሩ መዝገቡ የሚያውቀው ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጨርሷል ወይም አልጨረሰም። የፈተና ውጤት ከዜሮ እስከ መቶ ሊዘረጋ ይችላል። ይህ መልስ ግን ወይ 1 ወይ 0 ነው፤ በመካከሉ ምንም የለም። እንዲህ ያለውን መልስ ከተማሪው ሁኔታ ጋር አገናኝቶ ለመመርመር የሚያገለግለው ስሌት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከአዎና ከአይደለምም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፒየር ፍራንሷ ቬርሁልስት በ1804 ብሩሰልስ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በዘመኑ የሕዝብ ቁጥር በየጊዜው በእጥፍ እየበዛ እንደሚሄድ የሚያስረዳ ትምህርት ተስፋፍቶ ነበር። ቬርሁልስት ግን መሬቱና ምግቡ ውሱን ስለሆነ ዕድገቱ ሳይገታ አይቀርም ብሎ አሰበ። በ1838 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የሕዝብ ዕድገት ፍጥነት በሁለት ነገሮች ብዜት እንደሚወሰን አመለከተ፤ አንደኛው አሁን ያለው የሰው ብዛት፣ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ወሰን ድረስ የቀረው ቦታ ነው። ሰው ጥቂት ሲሆን ዕድገቱ ቀስ ይላል፤ በመካከሉ ይፈጥናል፤ ወደ ወሰኑ ሲቃረብ እንደገና ይዘገያል። በወረቀት ላይ ሲሣል የላቲኑን S የሚመስል ኩርባ ይወጣል። በ1845 ደራሲው ራሱ «ሎጂስቲክ» ብሎ ሰየመው።

ኩርባው ያማረ ቢሆንም ትንቢቱ አልሠመረም። ቬርሁልስት በ1845 የቤልጅግ ሕዝብ ከ6.6 ሚሊዮን አይበልጥም አለ፤ በ1847 ስሌቱን አሻሽሎ ወሰኑን ወደ 9.4 ሚሊዮን አወጣው። ዛሬ የቤልጅግ ሕዝብ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። እርሱ በ1849 ሲሞት ሥራው ተረሳ። በ1920 ሬይመንድ ፐርልና ሎዌል ሪድ የተባሉ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት አሜሪካውያን የቬርሁልስትን ጽሑፍ ሳያውቁ ያንኑ ኩርባ እንደገና አገኙት። በ1790 እና በ1910 መካከል በተደረጉት ቈጠራዎች ላይ ተመሥርተው የአሜሪካ ሕዝብ ወሰን 197 ሚሊዮን ያህል ነው አሉ። ያም ቁጥር ከ1970 በፊት ታለፈ። በሁለቱም አገር ኩርባው ባለፉት ቈጠራዎች ላይ ደኅና ገጥሞ ነበር፤ የከዳው ከቈጠራዎቹ ውጭ ሲወሰድ ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ኩርባውን ወደ አዎና አይደለም ያሻገረው ሌላ ሰው ነው። በ1930ዎቹ የመድኃኒትና የመርዝ ኃይል የሚመረምሩ ሊቃውንት ከፊታቸው የነበረው መልስ ሞተ ወይም አልሞተ የሚል ነበር። ቼስተር ብሊስ በ1934 ለነፍሳት መርዝ ምርመራ «ፕሮቢት» የተባለ ዘዴ አቀረበ፤ የተመሠረተውም በታወቀው የደወል ቅርጽ ኩርባ ላይ ነበር። ጆሴፍ በርክሰን ደግሞ በሚኒሶታ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪምና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን ቀደም ሲል ከሪድ ጋር አብሮ የሠራ በመሆኑ የቬርሁልስትን ኩርባ ያውቀው ነበር። በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ የሎጂስቲክ ኩርባ ለዚህ ሥራ እንደሚስማማና ለማስላትም እንደሚቀል አሳየ፤ ከፕሮቢት ጋር እንዲመሳሰልም «ሎጊት» የሚል ስም አወጣ። በመጀመሪያ ብዙ ተቃዋሚ ነበረው። በርክሰን ራሱም መቃወም የሚወድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ማስረጃ ለብዙ ዓመታት ከተጠራጠሩት ታዋቂ ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነው።

ሎጊት ምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ የመጨረስ ዕድሉ p ቢሆን ያለመጨረስ ዕድሉ 1 − p ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የጨራሽና የቀሪ ንጽጽር ይወጣል። ከአራት ተማሪዎች ሦስቱ የሚጨርሱ ከሆነ ዕድሉ 0.75፣ ንጽጽሩ ሦስት ለአንድ ማለትም 3 ነው። የዚህ ንጽጽር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሎጊት ይባላል፦

L = ln(p / (1 − p))

ዕድል ከ0 እና ከ1 መውጣት አይችልም። ሎጊት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ወሰን የለውም፤ ስለሆነም ቀጥ ባለ መስመር ሊገለጽ ይችላል። የበርክሰን ብልሃት መላው ይኸው ነው።

ለመለማመጃ ያህል የራሳችንን ቁጥር እንውሰድ፤ ከየትኛውም ትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም። ተማሪው ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ የሚሄድበትን ጊዜ በደቂቃ t እንበልና ስሌቱ L = 2 − 0.03t ሆኖ ወጣ እንበል። ሠላሳ ደቂቃ የሚሄድ ተማሪ ሎጊቱ 1.1 ነው፤ ከሎጋሪዝም ስንመልሰው ንጽጽሩ 3.0፣ ዕድሉ 0.75 ይሆናል። በስድሳ ደቂቃ ሎጊቱ 0.2፣ ንጽጽሩ 1.22፣ ዕድሉ 0.55 ነው። በዘጠና ደቂቃ ዕድሉ 0.33፣ በመቶ ሃያ 0.17፣ በመቶ ሃምሳ 0.08 ይሆናል። አሁን ይህን ትተን ዕድሉን ራሱን በቀጥታ መስመር ብናስር ምን ይመጣል? ከሠላሳ ወደ ስድሳ ደቂቃ ዕድሉ በ0.20 ቀንሷል፤ በዚያው ፍጥነት ከቀጠልን በመቶ ሃምሳ ደቂቃ −0.05 ላይ እንደርሳለን። ከዜሮ በታች የሆነ ዕድል ደግሞ የለም። በኩርባው ግን ከስድሳ ወደ ዘጠና ደቂቃ 0.22 የሚወርደው ዕድል ከመቶ ሃያ ወደ መቶ ሃምሳ 0.09 ብቻ ይወርዳል። መካከል ላይ ይፈጥናል፣ ጫፍ ላይ ይዘገያል፤ ቬርሁልስት ስለ ሕዝብ የተናገረው ማለት ነው።

በዚህ ምሳሌ እያንዳንዱ ሠላሳ ደቂቃ ንጽጽሩን በ0.41 ያባዛዋል፤ ይህ ከየትኛውም ርቀት ቢነሣ አይለወጥም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጸሐፊዎች ይሰናከላሉ። የሠላሳ ደቂቃው ንጽጽር 3.0፣ የስድሳው 1.22 ስለሆነ «ቅርብ ያለው ተማሪ የመጨረስ ዕድሉ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ዕድሎቹ ግን 0.75 እና 0.55 ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በ1.36 እጥፍ ብቻ ነው። ሁለት ተኩል እጥፍ የሆነው ንጽጽሩ እንጂ ዕድሉ አይደለም። ሁለቱ የሚቀራረቡት ነገሩ እምብዛም የማይደርስ ሲሆን ነው፤ ትምህርት መጨረስን የመሰለ ዘወትር የሚደርስ ነገር ሲሆን ይራራቃሉ። በሪፖርት ላይ «እጥፍ» የሚል ቃል ስናይ የምን እጥፍ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

2 እና 0.03 ከየት ይመጣሉ? ለጨረሰ ተማሪ ስሌቱ የሰጠውን ዕድል እንወስዳለን፤ ላልጨረሰ ተማሪ ያንኑ ዕድል ከ1 ቀንሰን እንወስዳለን፤ ሁሉንም እናባዛለን። ብዜቱን ከሁሉ የሚያበልጡት ቁጥሮች ይመረጣሉ። በሠላሳና በስድሳ ደቂቃ ያሉ ሁለት ተማሪዎች ጨርሰው በመቶ ሃያ ያለው ቢቀር 0.75 × 0.55 × 0.83፣ ማለትም 0.34 ይሆናል። በ2 እና በ0.03 ፈንታ 1 እና 0.01 ብናስገባ ብዜቱ 0.22 ብቻ ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ ይሻላሉ። ከሦስት ተማሪ ምንም አይፈረድም፤ መንገዱን ለማሳየት ብቻ ነው። ለብዙ ሰዎች ግን ይህ ተደጋጋሚ ስሌት በእጅ የማይገፋ ስለነበር ኮምፒዩተር እስኪመጣ ድረስ ዘዴው ሳይስፋፋ ቈይቷል። ዴቪድ ኮክስ በ1958 የአዎና የአይደለም ሪግሬሽንን አጠቃላይ መሠረት በጽሑፍ አቀረበ።

ስሌቱ ታላቅ ሥራ የሠራው ግን በልብ ሕመም ነው። ከ1948 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ወንዶችና ሴቶች በየጊዜው ይመረመሩ ነበር። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና ሌሎችም ተደምረው ሰባት ነገሮች በአንድነት ሊታዩ ይገባ ነበር። እያንዳንዱን በሦስት ደረጃ ከፍለን ሠንጠረዥ እንሥራ ብንል 2,187 ሣጥን ያስፈልገናል፤ ለአንድ ሣጥን በአማካይ ከሦስት ሰው ያነሰ ይደርሳል ማለት ነው። ጂን ትሩዬት፣ ጄሮም ኮርንፊልድና ዊልያም ካኔል በ1967 ሠንጠረዡን ትተው ሰባቱን ነገሮች በአንድ የሎጊት መስመር አሰሩ። (በርክሰን ስም ያወጣለት ሎጊት ሲጋራን ከተጠርጣሪዎች መካከል አስቀመጠ!) ከዚያም ሰዎቹን ስሌቱ በሰጣቸው ዕድል ቅደም ተከተል ደርድረው ዐሥር እኩል ክፍል አደረጓቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል የተጠበቀውን የሕመምተኛ ብዛት በእርግጥ ከታመሙት ጋር አስተያዩ። እኛም የተማሪዎቻችንን ስሌት የምንፈትነው በዚሁ መንገድ ነው። 0.75 ያህል ዕድል ከተሰጣቸው አርባ ተማሪዎች ሠላሳ ያህሉ መጨረስ አለባቸው፤ ሃያ ብቻ ከጨረሱ መስመሩ ያላየው ነገር አለ።

ሁለት ሌሎች ብልሽቶች በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይደርሳሉ። አንደኛው፣ አንድ ነገር ጨራሹንና ቀሪውን አንድም ሳያሳስት የለየ እንደሆነ ነው፤ ለምሳሌ መብራት ባለው ቤት የሚኖሩት ሁሉ ጨርሰው ሌሎቹ ሁሉ ቢቀሩ። ይህ ድል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዜቱን ለማሳደግ የመብራቱ ቁጥር ያለ ወሰን መጨመር ስላለበት ስሌቱ አያርፍም። ምልክቱ እጅግ ትልቅ ቁጥርና ከእርሱ የባሰ ትልቅ ስሕተት ጎን ለጎን መታየታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የቀሪዎቹ ማነስ ነው። አንድ ሺህ ተማሪ ይዘን የቀሩት ዐሥራ ሁለት ብቻ ከሆኑ የምርመራው ጉልበት የሚለካው በዐሥራ ሁለቱ ነው፤ አምስትና ስድስት ነገር ሊሸከሙ አይችሉም።

ሁለተኛው ከስሌቱ በፊት የሚደረግ ነው። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረው፣ ክፍል ደግሞ ገና በመማር ላይ ያለው፣ የሞተው፣ እነዚህ አዎ ናቸው ወይስ አይደለም? የተዛወረው «አቋርጧል» ተብሎ በ0 ቢመዘገብ ርቀት ከእውነተኛው ይልቅ ክፉ ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም ከሩቅ የሚመላለሰው ልጅ ይበልጥ የሚዛወር ሊሆን ይችላልና። ገና በመማር ላይ ያለው ልጅ 0 ከሆነ ደግሞ የዘገየውን ከጠፋው ጋር መደባለቅ ይሆናል። ስለዚህ የመቍጠሪያው ቀን መጀመሪያ ይወሰናል፤ ከዚያም እስከዚያ ቀን ያልጨረሰው ሁሉ ከነምክንያቱ በየስሙ አንጻር ይጻፋል። የተዛወረው ከሄደበት ትምህርት ቤት ተጠይቆ 1 ወይም 0 ይሰጠዋል፤ መልስ ካልተገኘለት ተለይቶ ይቈጠራል፤ ቁጥሩም በሪፖርቱ ላይ ይገለጻል። እንደ ቬርሁልስትም ከቈጠሩት ክልል መውጣት አይገባም። ከአሥር እስከ ዘጠና ደቂቃ ከሚመላለሱ ተማሪዎች የተገኘ መስመር ሦስት ሰዓት ስለሚጓዘው ልጅ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የሚሰጠውን ቁጥር የሚያረጋግጥ አንድም ተማሪ ግን በመዝገቡ የለም።