አባት ሲሞት ቤቱ የእናት ነው ወይስ የልጆች? የኬንያ የውርስ ሕግ ምን ይላል?

በናይሮቢ የሚኖር አንድ አባት ኑዛዜ ሳይተው ዐረፈ እንበል። ባለቤቱንና ለአካለ መጠን የደረሱ ሦስት ልጆቹን ትቷል። ያፈራው ንብረት በስሙ የተመዘገበ መኖሪያ ቤት፣ በዚያው ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎችና በከተማዋ ዳርቻ በኪተንጌላ የሚገኝ ባዶ መሬት ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ትልቁ ልጅ ቤቱ ተሽጦ ድርሻው እንዲሰጠው ይጠይቃል። እናት በበኩሏ "ቤቱ የእኔ ነው፤ ለማን እንደሚተላለፍም የምወስነው እኔ ነኝ" ትላለች። በኬንያ ሕግ ሁለቱም በከፊል ተሳስተዋል። ልጁ እናቱ በሕይወት እያለች ቤቱን ማሸጥ አይችልም። እናትም የቤቱ ሙሉ ባለቤት አይደለችም።

በሁለቱ መካከል የሚቆመው ሕጉ "ላይፍ ኢንተረስት" የሚለው የዕድሜ ልክ ተጠቃሚነት መብት ነው።

የዕድሜ ልክ መብት ምንድን ነው?

የኬንያ የውርስ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1981 ነው። የሕጉ አንቀጽ 35 ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው አንድ የትዳር አጋርና ልጆች ካሉት ንብረቱ እንዴት እንደሚተላለፍ ይደነግጋል።

በቅድሚያ የሟች የግልና የቤት ውስጥ ዕቃዎች ሙሉ በሙሉ የትዳር አጋሩ ይሆናሉ። እነዚህም ልብስ፣ ጌጣ ጌጥ፣ አልጋና ወንበር፣ የወጥ ቤት ዕቃና የመሳሰሉት ናቸው። መኪና ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሟች ለንግዱ ወይም ለሙያው ይገለገልባቸው የነበሩ ዕቃዎችም እንዲሁ።

ዕዳና ወጪ ተከፍሎ የሚቀረው ንብረት፣ መኖሪያ ቤቱን ጨምሮ፣ በትዳር አጋሩ እጅ የሚቆየው እስከ ዕድሜ ልክ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ያለችው እናት በቤቱ ትኖራለች፤ የክፍሎቹንም ኪራይ ትሰበስባለች። ቤቱ ግን በአደራ የተሰጣት ነው። እሷ ፍሬውን ስትበላ ግንዱ ለልጆች ይጠበቃል።

የልጆቹ መብት እስከዚያው ታግዶ ይቆያል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠውና በሌሎች ክርክሮች በተደጋጋሚ በሚጠቀስ ውሳኔ ላይ፣ የትዳር አጋሩ በሕይወት እስካለ ድረስ ልጆች ንብረቱን ሊከፋፈሉ እንደማይችሉና መብታቸው የሚጸናው የዕድሜ ልክ መብቱ ሲያበቃ መሆኑን አብራርቷል።

በመጀመሪያ የቤቱ ምዝገባ ይታያል

ስለ ውርስ ከመነጋገር በፊት ቤቱ በማን ስም እና በምን ዓይነት ይዞታ እንደተመዘገበ መታወቅ አለበት። ባልና ሚስት ቤቱን ድርሻው ባልተከፋፈለ የጋራ ባለቤትነት አስመዝግበው ከሆነ፣ አንዱ ሲሞት ቤቱ በሙሉ በሕይወት ለቀረው ያልፋል። ውርስ ውስጥም አይገባም። እናት ሙሉ ባለቤት ትሆናለች፤ መሸጥም መናዘዝም ትችላለች።

የእያንዳንዳቸው ድርሻ ተለይቶ ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ ወደ ውርሱ የሚገባው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ቤቱ የተመዘገበው በአባት ስም ብቻ ስለሆነ የዕድሜ ልክ መብቱ በቤቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ይሆናል።

ልጆች እናታቸው በሕይወት እያለች ምንም አያገኙም?

ሊያገኙ ይችላሉ። ሕጉ ለእናት ከንብረቱ የተወሰነውን ወይም ሁሉንም ለልጆቿ በስጦታ የማስተላለፍ ሥልጣን ይሰጣታል። ትልቁ ልጅ ሥራ መጀመሪያ ቢያስፈልገው የኪተንጌላውን መሬት ልትሰጠው ትችላለች።

ይህ ሥልጣን ግን ሁለት ገደቦች አሉት። ስጦታው ወዲያውኑ የሚጸና መሆን አለበት። በኑዛዜ ወይም "ከሞትኩ በኋላ" በሚል ቃል ሊደረግ አይችልም። ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሲያስታምማት የኖረውን የመጨረሻ ልጇን ለመካስ ቤቱን በኑዛዜ የምትተውለት እናት፣ ያ ኑዛዜ በቤቱ ላይ ዋጋ አይኖረውም። ልታስተላልፍለት የምትችለው በሕይወት ሳለች ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ሌሎቹ ልጆች ሊቃወሙት ይችላሉ።

እናት ሥልጣኗን ያለአግባብ ተጠቅማለች ወይም ያለአግባብ ነፍጋኛለች የሚል ልጅ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጁን ፍላጎት ብቻ አይደለም። የንብረቱን መጠን፣ የእናትንና የልጁን ገቢና ችግር፣ አባት በሕይወት ሳለ ለልጁ የሰጠው ነገር መኖሩን፣ ልጁ ለወላጆቹ የነበረውን አያያዝ፣ የሌሎቹን ልጆች ሁኔታ፣ እንዲሁም እናት የከለከለችበትን ምክንያት ይመዝናል። ቤቱ የእናት ብቸኛ መጠለያ፣ ኪራዩም ብቸኛ ገቢዋ ከሆነ ልጁ የሚያቀርበው ምክንያት ከዚህ ሁሉ ጋር ይመዘናል።

እናት ቤቱን መሸጥ ትችላለች?

ለብቻዋ አትችልም። አንቀጽ 37 ለራሷ መተዳደሪያ አስፈላጊ ሲሆን ንብረት እንድትሸጥ ይፈቅድላታል። ለዚህም አብረዋት ንብረቱን በአደራ የሚያስተዳድሩት ሰዎች እና ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ሁሉ መስማማት አለባቸው፤ ካልሆነም ፍርድ ቤቱ መፍቀድ አለበት። ንብረቱ ቤት ወይም መሬት ሲሆን ግን ልጆቹ በሙሉ ቢስማሙ እንኳ የፍርድ ቤት ፈቃድ ግዴታ ነው።

ስለዚህ እናት ለሕክምና ገንዘብ ቢያስፈልጋትና መሬቱን መሸጥ ብትፈልግ፣ የሐኪም ማስረጃዋንና የገቢዋን ሁኔታ ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ሽያጭ ገዢውንም ጭምር ለረጅም ክርክር ይዳርጋል።

እናት እንደገና ብታገባስ?

ሕጉ እንደተጻፈው፣ በሕይወት የቀረችው ሚስት ከሆነችና ሌላ ባል ካገባች የዕድሜ ልክ መብቷ ያበቃል። ሚስቱ የሞተችበት ባል እንደገና ሲያገባ ግን ተመሳሳይ ገደብ የለበትም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 ይህ ልዩነት በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ከተረጋገጠው የጾታ እኩልነት ጋር ይጋጫል ሲል ወስኗል። ያም ሆኖ በቆዩ የፍርድ ቤት ሰነዶች ላይ "እስክታገባ ድረስ" የሚለው ቃል ሊገኝ ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ሰነድ ምክንያት ከቤቷ ውጪ የተባለች ሴት ውሳኔውን ጠቅሳ መከራከር ትችላለች።

አዲሱ ባል፣ እንዲሁም ከእሱ የሚወለዱ ልጆች፣ በሟች ቤት ላይ የውርስ መብት የላቸውም። የዕድሜ ልክ መብቱ ሲያበቃ ቤቱ የሚመለሰው ለሟች ልጆች ነው።

በመጨረሻ ለልጆች የሚቀረው ስንት ነው?

እናት ስታርፍ ቀሪው ንብረት በልጆቹ መካከል እኩል ይከፈላል። ሴትና ወንድ፣ ያገባና ያላገባ የሚል ልዩነት የለም። ከአባት በፊት የሞተ ልጅ ካለና ልጆች ትቶ ከሆነ፣ የእሱ ድርሻ ለልጆቹ ይተላለፋል።

ቀደም ሲል የተሰጠ ስጦታ በክፍፍሉ ጊዜ ይታሰባል። ቤቱ 24 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ ለትልቁ ልጅ የተሰጠው መሬት ደግሞ 3 ሚሊዮን ሽልንግ ያወጣል እንበል። ሁለቱ ሲደመሩ 27 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ለሦስት ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 9 ሚሊዮን ነው። ትልቁ ልጅ 3 ሚሊዮኑን ስለወሰደ ከቤቱ የሚደርሰው 6 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 9 ሚሊዮን ያገኛሉ። ለዚህ ነው እናት ስጦታ ስትሰጥ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደተቀበለ በጽሑፍ መቀመጥ ያለበት።

ችግሩ የት ላይ ይጀምራል?

ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው። ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ከሾመ በኋላ፣ በመደበኛው አሠራር ከስድስት ወር በኋላ፣ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚዘረዝር የማጽደቂያ ሰነድ ይሰጣል። በዚህ ሰነድ ላይ ከእናት ስም አጠገብ "ለዕድሜ ልክ፣ ለልጆች በአደራ" የሚል ቃል ከሌለ፣ የመሬት መዝገብ ቤቱ ቤቱን በእሷ ስም በሙሉ ባለቤትነት ሊያዞረው ይችላል። ከዚያ በኋላ ሽያጩን የሚያግድ ምልክት በመዝገቡ ላይ አይኖርም።

በመሆኑም ልጆች ከመፈረማቸው በፊት የክፍፍል ዝርዝሩን ቃል በቃል ማንበብ ይኖርባቸዋል። ስጋት ያለበት ልጅ በቤቱ መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር ለመሬት መዝገብ ቤቱ ማመልከት ይችላል። አንድ ልጅ ተደብቆ ወይም ሐሰት ተነግሮ የተገኘ የውርስ ሰነድ ደግሞ በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል።

ከሹመቱ በፊት በሟች ንብረት እጅ ማስገባትም ወንጀል ነው። የአባቱን ተከራዮች በራሱ ፈቃድ ኪራይ የሚያስከፍል፣ ወይም መሬቱን የሚሸጥ ልጅ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 10 ሺህ ሽልንግ መቀጮ ሊደርስበት ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ምን ማለት ነው?

በኬንያ ቤት ወይም መሬት ያለው ሰው ዜግነቱና ቋሚ መኖሪያው የትም ቢሆን፣ በኬንያ ያለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ውርስ የሚመራው በኬንያ ሕግ ነው። ሟች ሙስሊም ከሆነ ግን ይህ የዕድሜ ልክ መብት አይመለከተውም፤ ውርሱ በእስልምና ሕግ ይከፋፈላል።

ይህ ከኢትዮጵያ ሕግ በእጅጉ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የጋራ ንብረት የሆነ ቤት ግማሹ በሕይወት የቀረው የትዳር አጋር የራሱ ነው። የሟች ግማሽ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ ይተላለፋል፤ ባል ወይም ሚስት በሕግ ወራሾች ተራ ውስጥ አይገኙም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ "አላባ" የሚለው መብት በይዘቱ ከኬንያው የዕድሜ ልክ መብት ጋር ቢቀራረብም፣ በሞት ምክንያት ብቻ በራሱ የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ በአዲስ አበባና በናይሮቢ ቤት ያለው አንድ ቤተሰብ አባቱ ሲሞት ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ይጠብቁታል። በአዲስ አበባ ልጆቹ ወዲያውኑ ባለድርሻ ይሆናሉ፤ በናይሮቢ ግን እናታቸው በቤቷ እስካለች ድረስ ይጠብቃሉ።