ከትምህርቱ ዓላማ ጋር የተያያዘ የቤት ሥራ አዘገጃጀት

የቤት ሥራ ዓላማ፣ መጠንና የግብረ መልስ ዕቅድ ከዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ጋር አብረው ሊወሰኑ ይገባል። አዘገጃጀቱን ለመምህራንና ለወላጆች ለማሳየት የክፍልፋዮች መደመር ትምህርት በምሳሌነት ቀርቧል።

1. ዓላማ

የዕለቱ ዓላማ «ተማሪዎች የተለያየ ታህት ያላቸውን ሁለት ክፍልፋዮች ይደምራሉ» የሚል ቢሆን፣ የቤት ሥራው በክፍል ውስጥ የተሠራውን ይህንኑ ክሂል ማለማመድ ይኖርበታል። ቤት ውስጥ የሚያስረዳ ሰው የሌለው ተማሪ ብቻውን ሊወጣው ስለማይችል፣ ያልተማሩት አዲስ ሐሳብ በቤት ሥራ አይሰጥም።

2. መጠን

ለዚህ ዓላማ አራት ጥያቄዎች በቂ ናቸው፦

- 1/5 + 2/5 (የቀደመውን ትምህርት ለማስታወስ)
- 1/2 + 1/3
- 2/3 + 1/4
- ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ ስኳር በአንድ ላይ ስንት ኪሎ ይሆናል?

ተማሪዎች የአሠራሩን ቅደም ተከተል እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ መልስ ብቻ ከተጻፈ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በተመሳሳይ ቀን ሌሎች የትምህርት ዓይነቶችም የቤት ሥራ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ መምህራን በመነጋገር አጠቃላይ ጫናውን መመጠን አለባቸው።

3. የግብረ መልስ ዕቅድ

60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አራቱንም ጥያቄዎች በየዕለቱ ማረም አዳጋች ነው። ስለዚህ ዓላማውን ይበልጥ የሚያሳየው አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ይመረጣል፤ እዚህ ላይ ሁለተኛው ነው። ትክክለኛው መልስ 5/6 ሲሆን፣ ደብተሮቹ በተገኘው መልስ መሠረት ይለያሉ።

2/5 ያሉት ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል። እነዚህን ተማሪዎች 2/5ን ከ1/2 ጋር እንዲያወዳድሩ መጠየቅ ይጠቅማል። በግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ መልስ መገኘቱን ሲያዩ ስህተቱን ራሳቸው ይረዱታል። 2/6 ያሉት ግን የጋራ ታህቱን በትክክል አግኝተው ላዕሎቹን አልቀየሩም። ለእነሱ 1/2 ከ3/6 ጋር እኩል መሆኑን በሥዕል ማሳየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ስህተቶች በ«ኤክስ» ምልክት ብቻ ቢታለፉ ተማሪዎቹ ምን ማስተካከል እንዳለባቸው አያውቁም።

ማስተካከያው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይሰጣል። ከዚያም እንደ 1/2 + 1/5 ያለ አንድ አዲስ ጥያቄ ይሠራል። ብዙዎቹ አሁንም ከተሳሳቱ ትምህርቱ እንደገና ሊሰጥ ይገባል።

4. የወላጆች ድርሻ

ወላጆች ልጁ የሚሠራበትን ጊዜ ማመቻቸትና አሠራሩን እንዲያስረዳቸው መጠየቅ ይችላሉ። መልሱን ሠርተው ከሰጡት ግን መምህሩ የልጁን ችግር ማየት አይችልም። ልጁ መቀጠል ካቃተው የደረሰበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ ደብተሩን ይዞ መሄዱ የተሻለ ነው።