የናሙና ቫሪያንስ አካፋይ

የናሙና ቫሪያንስ፣ ይኸውም ቍጥሮች ከአማካያቸው ያላቸውን ርቀት በካሬ የሚለካው ስሌት፣ በናሙናው ብዛት በ n ሳይሆን በ n − 1 እንዲካፈል የሚያዝዘው ደንብ፣ በጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በፍሪድሪኽ ቤሰል ስም የቤሰል እርማት ይባላል።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው፤ እውነተኛው አማካይ ከእኛ የተሰወረ ስለሆነ ርቀቱን የምንለካው ከናሙናው ከራሱ አማካይ ነው፤ ይህም አማካይ የካሬዎቹን ድምር ከሁሉ የሚያሳንስ ነጥብ በመሆኑ፣ የምናገኘው ድምር ከእውነተኛው አማካይ ተነሥተን ከምናገኘው ሊያንስ ወይም ሊተካከል እንጂ ከቶ ሊበልጥ አይችልም። ጕድለቱም፣ ቍጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይተሳሰሩ ከወጡ፣ በአማካይ ልክ አንድ ቫሪያንስ ነው፤ ስለዚህ ከ n ቫሪያንስ n − 1 ብቻ ይተርፋል።

ሙሉው ስብስብ 1፣ 4 እና 7 ነው እንበል፤ አማካዩ 4፣ ቫሪያንሱ 6 ይሆናል። ከዚህ፣ የወጣውን እየመለስን፣ ሁለት ሁለት ቍጥር ብናወጣ 9 ጥንዶች ይገኛሉ፤ በ3ቱ ውስጥ ሁለቱ ቍጥሮች አንድ ናቸው፣ በ4ቱ በ3፣ በ2ቱ በ6 ይለያያሉ፤ የካሬ ድምራቸውም በቅደም ተከተል 0፣ 4.5 እና 18 ነው። እያንዳንዱን በ2 ብናካፍል የዘጠኙ አማካይ 3፣ ማለት የእውነቱ እኵሌታ፣ ይወጣል፤ በ1 ብናካፍል ግን 6 ራሱ ይገኛል።

እርማቱ የሚያስወግደው ይህን ዘወትር ወደ ታች የሚያዘነብል አድልዎ እንጂ የአንዱን ናሙና ስሕተት አይደለም። የቫሪያንሱ ካሬ ሥር የሆነው መደበኛ ልይይትም ከእርማቱ በኋላ እንኳ በጥቂቱ ያንሳል፤ እውነተኛው አማካይ አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ትክክለኛው አካፋይ n ነው።