የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ እና የአሠሪ ብድር

የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ (በተለምዶ አድቫንስ) አንድ ሠራተኛ የወሩ መክፈያ ቀን ሳይደርስ ከደመወዙ ላይ አስቀድሞ የሚወስደው ገንዘብ ነው። የአሠሪ ብድር ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው የሚሰጠው፣ ከአንድ ወር በላይ በሚቆይ ጊዜ ውስጥ ከደመወዙ በየወሩ እየተቀነሰ የሚመለስ ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚደረግ ቅነሳ የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ተመላሹ ገንዘብ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ (ፔሮል) ላይ እንዴት እንደሚቀነስ ነው።

== በቅድሚያ ክፍያና በብድር መካከል ያለው ልዩነት ==

ቅድሚያ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው በወሩ ውስጥ ለሠራባቸው ቀናት የሚሰጥ ነው። ሠራተኛው በወሩ አጋማሽ ላይ ገንዘብ ቢጠይቅና ቢሰጠው፣ የወሰደው ገንዘብ በባሕርይው የራሱ ደመወዝ ነው። የተለወጠው የሚከፈልበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል፣ ወለድም አይታሰብበትም።

ብድር ግን ሠራተኛው ገና ያልሠራበት ገንዘብ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ አሠሪው አበዳሪ ሠራተኛውም ተበዳሪ ይሆናሉ። በድርጅቱ መዝገብ ላይም ገንዘቡ የደመወዝ ወጪ ሳይሆን ከሠራተኛው ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ይመዘገባል። በየወሩ የሚቀነሰው መጠን ይህን ተሰብሳቢ ሂሳብ ያወርደዋል እንጂ የሠራተኛውን ደመወዝ አያሳንሰውም። ብድር ገቢ ስላልሆነ ሲሰጥ የሥራ ግብር አይከፈልበትም፣ ሲመለስም ግብር አያስቀንስም።

== ሕጉ የሚያስቀምጠው ገደብ ==

የአዋጁ አንቀጽ 59 ሁለት ነገሮችን ይደነግጋል። የመጀመሪያው አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት መሠረት ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ «በቃል ተስማምተናል» የሚል አሠሪ ብድር ማበደሩን ቢያስረዳ እንኳ፣ ሌላ የሕግ መሠረት ከሌለው በየወሩ ለመቁረጥ የሠራተኛው ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ገንዘብ በማናቸውም ሁኔታ ከሠራተኛው የወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ (ሲሶ) መብለጥ የሌለበት መሆኑ ነው። ገደቡ ሠራተኛው ከዚያ በላይ ለመክፈል ቢስማማም ይሠራል።

እዚህ ላይ «ደመወዝ» የሚለው ቃል ትርጉም አለው። በአንቀጽ 53 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የመሳሰሉት እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። ስለዚህ 12,000 ብር ደመወዝና 3,000 ብር ልዩ ልዩ አበል ያለው ሠራተኛ ሲሶው የሚሰላው ከ12,000 ብር ነው። ውጤቱም 5,000 ሳይሆን 4,000 ብር ነው።

== የቅነሳው ቅደም ተከተል ==

በፔሮል ላይ መጀመሪያ የሚቀነሱት በሕግ የተጣሉት ግዴታዎች፣ ማለትም የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ናቸው። ሁለቱም የሚሰሉት ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ ነው። የብድር ተቀናሽ የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የወር ደመወዙ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብሩ የሚገኘው ደመወዙን በ30 በመቶ አባዝቶ 1,350 ብር በመቀነስ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ አይቀነስም።

ለምሳሌ 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ 36,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ12 ወር ለመመለስ ቢስማማ ወርኃዊ ተቀናሹ 3,000 ብር ይሆናል። የአንድ ወር ስሌቱ እንዲህ ነው፦

* ጠቅላላ ደመወዝ፦ 12,000 ብር
* የሥራ ግብር፦ 2,250 ብር
* የጡረታ መዋጮ፦ 840 ብር
* ከብድር በፊት የተጣራ፦ 8,910 ብር
* የብድር ተቀናሽ፦ 3,000 ብር
* በእጅ የሚደርስ፦ 5,910 ብር

3,000 ብር ከ4,000 ብር ሲሶ በታች ስለሆነ የብድሩ ተቀናሽ ከገደቡ አያልፍም። ሆኖም ከተጣራው 8,910 ብር ጋር ሲነጻጸር ከሲሶው (2,970 ብር) በጥቂቱ ይበልጣል። ሠራተኛው ከብድሩ በፊት በእጁ ይገባ ከነበረው ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ለአንድ ዓመት ያጣል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የብድር ጣሪያቸውን ከተጣራው ክፍያ ላይ የሚያሰሉ አሠሪዎች ለሠራተኛው የተሻለ መጠባበቂያ ይተዋሉ።

== ሌላ ዕዳ ሲጨመር ==

ሲሶው የሚመለከተው እያንዳንዱን ዕዳ ለብቻው ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውን ድምር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ አምስት ወር ከከፈለ በኋላ ፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ በየወሩ 1,500 ብር ከደመወዙ እንዲቀነስ ቢያዝ፣ ድምሩ 4,500 ብር ሆኖ ከ4,000 ብር ያልፋል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈጸም ስላለበት የሚቀንሰው የአሠሪው ብድር ተቀናሽ ነው፤ ከ3,000 ወደ 2,500 ብር ይወርዳል።

በዚያን ጊዜ የተከፈለው 15,000፣ ቀሪው ዕዳ ደግሞ 21,000 ብር ነው። በ2,500 ብር ስሌት ስምንት ወር ሙሉ፣ በዘጠነኛው ወር 1,000 ብር ይከፈላል። ብድሩ በ12 ወር ማለቁ ቀርቶ በ14 ወር ያልቃል። ይህ ለውጥ በጽሑፍ ተሻሽሎ ካልተፈረመ፣ በኋላ «ሁለት ወር ትርፍ ተቆረጠብኝ» የሚል ክርክር ሊያስነሳ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት የተቋቋሙ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጡት ብድርም በአሠሪው ፔሮል በኩል ሊሰበሰብ ይችላል። አበዳሪው ማኅበሩ ቢሆንም ከደመወዝ የሚቆርጠው አሠሪው ስለሆነ፣ ሲሶውን ሲያሰላ ይህንንም መደመር አለበት።

== በወር አጋማሽ የሚወሰድ ቅድሚያ ==

ቅድሚያ ክፍያ ሲጠየቅ የሚፈጠረው ስህተት መጠኑን ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ ማሰብ ነው። 12,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በወሩ አጋማሽ «ግማሽ» ብሎ 6,000 ብር ቢወስድ በወሩ መጨረሻ የሚቀረው 6,000 ብር አይደለም። የወሩ ሙሉ ግብርና ጡረታ በመጨረሻው ክፍያ ላይ ስለሚወድቅ የሚደርሰው 2,910 ብር ብቻ ነው። ትክክለኛው ግማሽ የተጣራው ግማሽ፣ ማለትም 4,455 ብር ነው።

ይኸው ሠራተኛ 3,000 ብር የብድር ተቀናሽ ካለበት ችግሩ ይብሳል። ከ8,910 ብር ላይ 3,000 እና 6,000 ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች 90 ብር ይሆናል። ፔሮል ላይ ቀይ ቁጥር የሚያወጣው ቅድሚያውን የፈቀደው ክፍል የብድሩን መዝገብ ሳያይ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚፈቅድ ሰው ከመፍቀዱ በፊት ከተጣራው ላይ ነባር ተቀናሾችን ቀንሶ ማየት ይኖርበታል።

== ወለድ ==

ብዙ አሠሪዎች አጭር ብድር ያለ ወለድ ይሰጣሉ። ባንኮች ደግሞ ለሠራተኞቻቸው የቤትና የመኪና ብድር ከገበያው ባነሰ ወለድ ይሰጣሉ። ወለድ ካለ፣ ከመቶኛው እኩል መታየት ያለበት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው።

36,000 ብር በ7 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ12 ወር ቢሰጥና ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ቢታሰብ፣ ጠቅላላ ወለዱ 2,520 ብር፣ ወርኃዊ ክፍያውም 3,210 ብር ይሆናል። ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን ወርኃዊ ክፍያው ወደ 3,115 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 1,380 ብር ይወርዳል። ምክንያቱም በሁለተኛው ስሌት ሠራተኛው አስቀድሞ በመለሰው ገንዘብ ላይ ወለድ አይከፍልም።

የወለዱ ዝቅተኛነት ከግብር ውጭ ላይሆን ይችላል። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ከገበያ ባነሰ ወለድ የተሰጠ ብድርንና አሠሪው የሰረዘውን ዕዳ በዓይነት ከሚሰጡ ጥቅሞች መካከል ይቆጥራቸዋል።

== ሥራ ሲቋረጥ ==

ብድሩ ሳያልቅ ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ በየወሩ የሚቀነስበት ደመወዝ አይኖርም። በአዋጁ አንቀጽ 36 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሆኖም ሠራተኛው ከአሠሪው የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል።

ለዚህ ነው የብድር ውሎች ሥራ ሲቋረጥ ቀሪው ዕዳ ከምን ላይ እንደሚከፈል የሚገልጹት። የተለመዱት ምንጮች ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ክፍያና የስንብት ክፍያ ናቸው። እነዚህ ካልበቁ ዋስ የሆነው ሰው ይጠየቃል። የሥራ ባልደረባ ዋስ የሚሆነውም በአብዛኛው ለዚህ ጊዜ ነው፤ የተበዳሪው ደመወዝ ሲቆም ዕዳው ወደ ዋሱ ሊዞር ይችላል።

== መዝገብና ቁጥጥር ==

በአንቀጽ 60 አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የተቀነሰውን ገንዘብ መጠንና ዓይነት እንዲሁም የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለበት። ሁሉም ተቀናሽ «ልዩ ልዩ» በሚል አንድ ዓምድ ውስጥ ከተጨመረ ዓይነቱ ስለማይለይ ሠራተኛው ብድሩ የት እንደደረሰ ማወቅ አይችልም።

የተለመደው ስህተት ብድሩ ካለቀ በኋላም መቀነሱ መቀጠሉ ነው። የሚፈጠረውም ፔሮሉ ያለፈውን ወር ሰንጠረዥ እንዳለ በመቅዳት ሲሠራና ተቀናሹ ከቀሪ ዕዳ ጋር ሳይያያዝ በቋሚ ቁጥር ሲቀመጥ ነው። መከላከያው የወሩ ተቀናሽ ከወርኃዊ ክፍያውና ከቀሪው ዕዳ ትንሹ እንዲሆን ማድረግ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መጨረሻ ላይ ቀሪው ዕዳ 1,000 ብር ስለሆነ፣ ወርኃዊ ክፍያው 2,500 ብር ቢሆንም የሚቀነሰው 1,000 ብቻ ይሆናል፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ ዜሮ። ሠራተኛውም ስህተቱን የሚለየው የብድሩን መነሻ መጠን እስከ አሁን ከተቀነሱት ወራት ድምር ጋር በማነጻጸር ነው።