የግሪን ካርድ እድሳት፦ አዲሱ ካርድ ሳይደርስ ወደ ሀገር ቤት መጥቶ ለመመለስ

በዲቪ ዕጣ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የሄዱ የምዕራብ ጎጃም ተወላጆች ለፋሲካ፣ ለሰርግ ወይም ወላጅ ለመጠየቅ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይመጣሉ። ከመካከላቸው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ካርዳቸው፣ በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለው፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ወይም ያለፈ ይገኙበታል። ቤተሰብም “ካርዱ ካለፈበት ተመልሶ መግባት ይችላል ወይ?” ብሎ ይጨነቃል። መልሱ ተጓዡ ከአሜሪካ ከመነሣቱ በፊት ማመልከቻውን ማስገባቱ ላይና በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ የተመሠረተ ነው።

የሚያልፈው ካርዱ ነው፤ መብቱ አይደለም

ግሪን ካርድ በአብዛኛው ለ10 ዓመት የሚያገለግል መታወቂያ ነው። ጊዜው ሲያልፍ የሚያበቃው የመታወቂያው አገልግሎት እንጂ ባለቤቱ በአሜሪካ በቋሚነት የመኖር መብቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተጓዡን የሚቀበለው የአየር መንገድ ሠራተኛ መብቱን የሚያረጋግጠው በሰነድ ነው። ስለዚህ መብቱ ያልተቋረጠ ሰውም ትክክለኛ ወረቀት ካልያዘ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀን የአውሮፓውያን አቆጣጠርን የተከተለ ሲሆን፣ አጻጻፉም መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ በመጨረሻ ዓመት ነው። 05/04/26 የሚል ካርድ የሚያልፈው በሜይ 4 ቀን 2026 እንጂ በኤፕሪል 5 አይደለም፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ይህን አገላብጦ ማንበብ የአንድ ወር ስሕተት ያስከትላል።

ማመልከቻው መቼ ይገባል?

የ10 ዓመት ካርድ የሚታደሰው I-90 በተባለው ቅጽ ነው። ቅጹ የሚገባው ካርዱ ሊያልፍ 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው፣ ወይም ካለፈ በኋላ ነው። 6 ወር ከመድረሱ በፊት ለእድሳት የገባ ማመልከቻ ውድቅ ሊደረግ፣ ክፍያውም ላይመለስ ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ በወጣው ተመን በኢንተርኔት ለሚያመለክት 415 ዶላር፣ በወረቀት ሞልቶ በፖስታ ለሚልክ 465 ዶላር ይከፈላል። ከመክፈል በፊት ተመኑን uscis.gov በተባለው የመንግሥት ገጽ ላይ ማየት ይገባል። አድራሻቸው በ.gov የማያልቅ፣ ቅጹን “እናስጨርሳለን” የሚሉ ገጾች የመንግሥት አይደሉም።

በጋብቻ ምክንያት የተሰጠ የ2 ዓመት ካርድ በዚህ መንገድ አይታደስም። የእርሱ ባለቤት ካርዱ ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ I-751 የተባለውን ቅጽ ማስገባት አለበት። ይህን ቀን ያሳለፈ ሰው ከካርዱ ጋር መብቱንም ሊያጣ ይችላል፤ የሁለቱ ካርዶች ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የመቀበያ ደብዳቤውና አሮጌው ካርድ

I-90 ከገባ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን መቀበሉን የሚገልጽ I-797 የሚል ምልክት ያለው ደብዳቤ ይልካል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለእድሳት አመልካቾች የሚላከው ደብዳቤ የካርዱን አገልግሎት በካርዱ ላይ ካለው የማብቂያ ቀን ጀምሮ ለ36 ወራት ያራዝማል። ደብዳቤው ብቻውን ግን አይሠራም። የሚሠራው ጊዜው ካለፈው አሮጌ ካርድ ጋር አብሮ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ አሮጌው ካርድ “አልፎበታል” ተብሎ አይጣልም፤ ደብዳቤውም አሜሪካ ቤት ውስጥ አይተውም። በስልክ የተነሣ ፎቶ ለመጠባበቂያ ይጠቅማል እንጂ ዋናውን አይተካም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ በቡሬ አካባቢ ተወልዳ በ2008 ዓ.ም በዲቪ ወደ ሚኒሶታ የሄደች አንዲት ሴት እንውሰድ። የእኅቷ ሰርግ ከፋሲካ ቀጥሎ በዳግማይ ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ካርዷ የሚያልፈው በማርች 15 ቀን 2026፣ ማለትም መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም ሲሆን፣ ይህም ከሰርጉ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ማመልከት የምትችለው ከመስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ነው። በጥቅምት ወር በኢንተርኔት አመለከተች፤ የመቀበያ ደብዳቤውም ደረሳት። ደብዳቤው የካርዷን አገልግሎት እስከ ማርች 15 ቀን 2029፣ ማለትም እስከ መጋቢት 6 ቀን 2021 ዓ.ም ያራዝምላታል። መጋቢት 23 ተነሥታ ግንቦት 10 ስትመለስ ፓስፖርቷን፣ አሮጌ ካርዷንና ደብዳቤውን አንድ ላይ ይዛለች። አዲሱ ካርድ ባይደርሳትም ጉዞዋ አልተሰናከለም።

ይህች ሴት ሳታመለክት መጥታ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የአሜሪካ የድንበር መሥሪያ ቤት አየር መንገዶች ጊዜው ያለፈበት የ10 ዓመት ካርድ የያዘን ተጓዥ ማሳፈር እንደሚችሉ ቢገልጽም፣ አየር መንገዱ በራሱ አሠራር ሊከለክል ይችላል። በቦሌ መስኮት ፊት ቆሞ ከመከራከር ይልቅ ደብዳቤውን ይዞ መምጣት ይሻላል።

የአሻራ ቀጠሮ

መሥሪያ ቤቱ አንዳንዶችን ለአሻራና ለፎቶ ይጠራል፤ ለሌሎች ደግሞ ቀድሞ በያዘው መረጃ ይጠቀማል። ጥሪው ተጓዡ ቡሬ እያለ አሜሪካ ባለው አድራሻው ሊደርስ ይችላል። ቀጠሮው ሳይለወጥ ዝም ተብሎ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ከጉዞ በፊት የኢንተርኔት መለያ መክፈትና ቤት የሚቀር ሰው ደብዳቤዎችን እየከፈተ እንዲነግር ማድረግ ነው። ጥሪ ከመጣ ከቀጠሮው ቀን በፊት በዚሁ መለያ ሌላ ቀን መጠየቅ ይቻላል።

አዲሱን ካርድ መረከብ

አዲሱ ካርድ የሚላከው ማመልከቻው ላይ ወደተመዘገበው የአሜሪካ አድራሻ በፖስታ ነው። ወደ ኢትዮጵያ አይላክም። ቤት የቀየረ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም። በፖስታ ሣጥኑ ላይ የተቀባዩ ስም ከሌለም ካርዱ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል። በአድራሻ ስሕተት የጠፋ ካርድ እንደገና ማመልከትንና እንደገና መክፈልን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው ስሙን ሣጥኑ ላይ መለጠፉ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ካርዱ ባለቤቱ ሀገር ቤት እያለ ከደረሰ ቤት ያለው ሰው ሳይዘገይ ሊነግረው ይገባል። ደብዳቤው የተጻፈው እድሳቱ በሂደት ላይ ላለ ሰው ስለሆነ፣ አዲሱ ካርድ ከወጣ በኋላ አስተማማኙ ሰነድ አዲሱ ካርድ ነው። በሚታመን መንገደኛ እጅ ወይም ክትትል ባለው ፈጣን ፖስታ አዲስ አበባ ድረስ ማስመጣት ይቻላል።

36 ወር ማለት ውጭ ለመቆየት የተሰጠ ጊዜ አይደለም

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስከፍለው ስሕተት የደብዳቤውን 36 ወር ሀገር ቤት የመቆያ ፈቃድ አድርጎ መረዳት ነው። ደብዳቤው የሚያራዝመው የካርዱን አገልግሎት ብቻ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ስለመቆየት ያለው ሕግ አይለወጥም። ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው ሲመለስ ጥያቄ ሊበዛበት ይችላል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ደግሞ በካርዱ ብቻ መመለስ አይችልም።

ይህ በተለይ በልጆቻቸው ጥሪ ግሪን ካርድ ያገኙ አረጋውያንን ይመለከታል። አንድ አባት በክረምት መግቢያ መጥተው እርሻቸውን ሊያዩ፣ ከዚያም አዝመራ እስኪሰበሰብ ሊቆዩ፣ ከዚያም ለፋሲካ ሊያድሩ ይችላሉ። እንዲህ እያለ ዓመቱ ይሞላል። ከዓመት በላይ የመቆየት ሐሳብ ያለው ሰው ከአሜሪካ ሳይወጣ I-131 በተባለው ቅጽ የዳግም መግቢያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ፈቃድ በአብዛኛው እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ሀገር ቤት ከመጡ በኋላ ግን ማመልከቻውን መጀመር አይቻልም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ በከባድ ሕመም፣ ዓመት ያለፈበት ሰው አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያቱን የሚያስረዳ የሐኪም ማስረጃና ከአሜሪካ ጋር ያልተቋረጠ ግንኙነት የሚያሳይ ሰነድ ይፈለግበታል።

ካርዱ እዚህ ቢጠፋ

ካርዱ በጉዞ ላይ ወይም በገበያ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ የመጀመሪያው ሥራ በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ አስታውቆ ማስረጃ መያዝ ነው። ቀጥሎ I-131A በተባለው ቅጽ ክፍያውን በኢንተርኔት ፈጽሞ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። ኤምባሲው ተጓዡ አውሮፕላን ላይ እንዲሳፈር የሚፈቅድ ሰነድ ይሰጠዋል። ይህ ሰነድ ለአንድ ጉዞ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ነው። ይህ መንገድ ክፍት የሚሆነው ከአሜሪካ ከወጣ ዓመት ላልሞላው ሰው ነው።

የኤምባሲ ቀጠሮ ቀናት ይፈጃል፤ ከቡሬ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም በየጊዜው ሊስተጓጎል ይችላል። ስለዚህ ተጓዡ ከበረራው ቀን ጥቂት ቀናት ቀድሞ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ወደ ገጠር ሲወጣም ካርዱንና ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ከመዞር ይልቅ በሚታመን ቤት ቆልፎ ቅጂያቸውን ቢይዝ ይመረጣል። ሊመለስ ሲነሣ ግን ፓስፖርቱ፣ አሮጌው ካርድና የመቀበያ ደብዳቤው ሦስቱም በዋናው ከእጁ መኖራቸውን አይቶ መውጣት አለበት።