ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ፦ በመንገድ ዳር ከሚታዩ ጽሑፎች የትኛው ቀድሞ መነበብ አለበት?

ከሞያሌ ድንበር ተሻግሮ ወደ ናይሮቢ የሚያቀና መንገደኛ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው ጉዞ በሁለት ቋንቋዎች የተጻፉ ምልክቶችና ማስታወቂያዎች ያጋጥሙታል። በአውራ ጎዳናው ዳር የሚተከሉት ይፋዊ የመንገድ ምልክቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በግድግዳ፣ በበር፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶና በውሃ ቧንቧ አጠገብ የሚገኙት ማስታወቂያዎች ግን ብዙ ጊዜ በስዋሂሊ ይጻፋሉ። ሁሉንም መተርጎም አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ዋናው ነገር የትኛው ጽሑፍ ጊዜ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ ትርጉሙ ሳይታወቅም ሊያስቆም እንደሚገባ መለየት ነው።

ከቃሉ በፊት ቅርጹ

የመንገድ ምልክቶች ቅርጽ በዓለም አቀፍ ስምምነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ከፊት ለፊት አደጋ መኖሩን ያስጠነቅቃል። ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ደግሞ ይከለክላል። ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ሰሌዳ በኢትዮጵያ «ቁም» የሚል ጽሑፍ አለው። በኬንያ የተጻፈበት ቃል የእንግሊዝኛ ቢሆንም ትእዛዙ ያው ነው። ይህ ቅርጽ ለሌላ ምልክት የማይውለው ጽሑፉ በአቧራ ቢሸፈን ወይም ሰሌዳው ከጀርባው ቢታይ እንኳ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

ቅርጹ የማይነግረው አንድ ለውጥ ግን አለ። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች ቀኝ ይዘው ሲጓዙ በኬንያ የሚጓዙት ግራ ይዘው ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው ምልክቶችን መፈለግ ያለበት በዋናነት ከመንገዱ ግራ በኩል ነው። በእግሩ የሚሻገር ሰው ደግሞ በቅርብ ያለው መኪና የሚመጣበት ከቀኝ በኩል ስለሆነ በመጀመሪያ መመልከት ያለበት ወደ ቀኝ ነው።

መዝገበ ቃላት የማይፈታው ቃል

ደረቃማ በሆነው ሰሜን ኬንያ ጥንቃቄ ከሚሹት ጽሑፎች አንዱ «ድሪፍት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መዝገበ ቃላት «መንሳፈፍ» ወይም «በነፋስና በውሃ መወሰድ» የሚል ፍቺ ይሰጠዋል። በመንገድ ምልክት ላይ ሲጻፍ ግን ድልድይ ሳይሠራለት፣ መንገዱ ዝቅ ብሎ የወንዝ ወለል የሚያቋርጥበትን ቦታ ያመለክታል። ወንዙ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች «ላጋ» ይሉታል፤ ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ወንዝ ማለት ስለሆነ ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

አደጋው የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ዝናቡ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ ከፍተኛ ቦታ ላይ ሊጥል ይችላል። መሻገሪያው ጋር ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ጎርፉ በድንገት ይደርሳል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ሊወስድ ይችላል። ትልቅ መሆንም ዋስትና አይደለም። በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ 2024 በምሥራቅ ኬንያ በጋሪሳ አቅራቢያ በጎርፍ የተዋጠ መንገድ ለማቋረጥ የሞከረ የመንገደኞች አውቶቡስ በውሃ ተገፍቶ ከመንገድ ወጥቷል፤ ተሳፋሪዎቹ የተረፉት በነፍስ አድን ሥራ ነው።

«ድሪፍት» የሚለውን ያነበበ አሽከርካሪ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ውሃ መኖሩንም ይመለከታል። ውሃው ደፍርሶ ወለሉ የማይታይ ከሆነ፣ ወይም እንጨትና ቅጠል እየገፋ የሚፈስ ከሆነ፣ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ይኖርበታል።

ትልቁ ጽሑፍና ትንሹ ሰሌዳ

ከከተማ መግቢያ ላይ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ታዩ እንበል። አንደኛው አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በሸፈነ ቀይ ቀለም የተጻፈ ሲሆን «ፕሎት ሂኢ ሃይኡዝዊ» ይላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተመታ፣ መዳፍ የማይሞላ ሰሌዳ ነው፤ «ሃታሪ» ከሚለው ቃል ጋር የራስ ቅል ወይም የመብረቅ ሥዕል አለው።

ዓይን የሚስበው የመጀመሪያው ነው። ትርጉሙ ግን «ይህ ቦታ አይሸጥም» የሚል ነው። የሌላውን መሬት የራሳቸው አስመስለው የሚሸጡ አጭበርባሪዎችን ለመከላከል ባለቤቶች የሚጽፉት ስለሆነ መሬት ለማይገዛ መንገደኛ የሚለውጠው ነገር የለም። «ሃታሪ» ግን «አደጋ» ማለት ነው። ምሰሶውን መደገፍ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ መንካት ወይም ልብስ ማስጣት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ የፊደሉ መጠንና ቀለሙ የአስቸኳይነት ማስረጃ አይሆኑም። የሚለየው ጥያቄ ጽሑፉ ለማን ተጻፈ የሚለው፣ ቢዘነጋ ደግሞ በአካል ላይ ምን ያደርሳል የሚለው ነው። «ሃታሪ»፣ «ታሃዛሪ» ማለትም «ጥንቃቄ»፣ እና «ሱሙ» ማለትም «መርዝ» የሚሉት ሦስት ቃላት ከጉዞው በፊት ቢጠኑ ብዙ ትርጉም ፍለጋ ያስቀራሉ። ሦስቱም ከዓረብኛ የመጡ በመሆናቸው ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው በድምፃቸው ሊለያቸው ይችላል።

ትርጉሙን የሚገለብጡ ትንንሽ ፊደላት

በስዋሂሊ ክልከላ የሚገለጸው ብዙ ጊዜ በግሡ መነሻ ላይ በሚገባ አጭር ቅጥያ ነው። «ኢንጊያ» ማለት «ግባ» ነው፤ «ኡሲኢንጊዬ» ግን «አትግባ» ማለት ነው። በላቲን ፊደል ዩ፣ ኤስ እና አይ ተከታትለው ቃሉን ከጀመሩ የተጻፈው ክልከላ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

በውሃ ቧንቧ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ጠባብ ነው። «ማጂ ያ ኩኝዋ» የሚለው «የሚጠጣ ውሃ» ማለት ሲሆን «ማጂ ሃያ ሲ ያ ኩኝዋ» የሚለው «ይህ ውሃ የሚጠጣ አይደለም» ማለት ነው። «ማጂ» ውሃ፣ «ኩኝዋ» መጠጣት መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም በአንድ ዓይን ሊያያቸው ይችላል። ቀለሙ ለቆ «ሲ» የምትለው ብትጠፋ የስልክ መተርጎሚያም የቀረውን ብቻ ይተረጉማል። ጽሑፉ የተቆረጠ ወይም የተፋቀ ከመሰለ የሚያዋጣው እንደ ክልከላ መቁጠርና «ኒ ሳላማ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ደህና ነው ወይ?» ማለት ነው። «ንዲዮ» አዎ፣ «ሃፓና» ደግሞ አይደለም ማለት ነው።

ሰዓት ሲጻፍ

የመንገድ ወይም የመሻገሪያ መዘጊያ ሰዓት የሚገልጽ ማስታወቂያ አደጋ ባይጠቁምም መንገደኛን ሌሊቱን ሜዳ ላይ ሊያሳድር ይችላል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ይቀለዋል፤ የስዋሂሊ የሰዓት አቆጣጠር ከኢትዮጵያው ጋር አንድ ነው። «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ ጂዮኒ» ቃል በቃል ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ሲሆን ኢትዮጵያዊ 12 ሰዓት የሚለው ያው ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ይህንኑ ጊዜ 6 ሰዓት ይለዋል። በመሆኑም ቁጥሩ የተጻፈበት ቋንቋ ስዋሂሊ ከሆነ እንዳለ ይወሰዳል፤ እንግሊዝኛ ከሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነቱ ይሰላል። የሁለቱም ቋንቋ ቃላት በተቀላቀሉበት ማስታወቂያ ላይ ከመገመት ይልቅ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።